ገዢዎች ደጋግመው የሚሉትን ወደ ዕቃ መግለጫ እንዴት ነው የምታስገቡት? (የላፕቶፕ ቦርሳ)

ሄለን_ቦርሳ

ሰላም ለሁላችሁ። በኦንላይን የላፕቶፕ የጀርባ ቦርሳ እሸጣለሁ። ለአንዱ ቦርሳ ብቻ 118 የጽሑፍ አስተያየት ተጠራቅሟል፤ ኮከብ ብቻ ሰጥተው የሄዱትን ሳልቆጥር ነው። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ሳነብ ሰዎች ተመሳሳይ ነገር እየደጋገሙ እንደሆነ አየሁ። ማንገቻው ትከሻ አይጎዳም ያሉ 22 ናቸው። ዝናብ አላስገባም ያሉ 14፣ ላፕቶፔ አልገባም ያሉ 11፣ «ላፕቶፔ ልክክ ብሎ ገባ» ያሉ ደግሞ 6። ዚፑ አልንቀሳቀስ ይላል ያሉ 6፣ ሲከፈት ይሸታል ያሉ 5፣ ዘግይቶ ደረሰኝ ያሉ 9።

አሁን ገጹ ላይ ያለው ጽሑፍ አቅራቢው የላከልኝ ነው፦

> ዘመናዊ፣ ጠንካራና ውሃ የማያስገባ የጀርባ ቦርሳ። እስከ 15.6 ኢንች ላፕቶፕ ይይዛል። ለሥራ፣ ለትምህርትና ለጉዞ ተስማሚ።

ይህን ልቀይረው ነው። ሙገሳውንም ቅሬታውንም እውነት ወደሆነ ዓረፍተ ነገር እንዴት ነው የምትቀይሩት? በተለይ 11 ሰው አልገባም፣ 6 ሰው ገባ ሲል ምን ተብሎ ይጻፋል?

---

አቤል_ሴልስ

እህቴ ነገሩን አታካብጂው። ገዢው የተናገረው ቃል ከአንቺ ቃል ይበልጣል። «ትከሻ አይጎዳም» የሚለውን እንዳለ ወስደሽ መጀመሪያ መስመር ላይ አድርጊው፤ ሰው በራሱ አነጋገር የተጻፈ ነገር ሲያነብ ይገባዋል። «ውሃ የማያስገባ» የሚለውንም አትንኪው፣ 14 ሰው መስክሮልሻል። 15.6 ላይ «አብዛኞቹን ላፕቶፖች ይይዛል» በይና እለፊ። ቅሬታ መግለጫ ላይ የሚጽፍ ሻጭ አይቼ አላውቅም፣ እሱን አስተያየቱ ውስጥ ያንብቡት።

---

ጋሽ ማሞ

ልጄ፣ መጥፎ አስተያየት ማስጠፋት አይቻልም፤ እኔም ሞክሬ ነበር፣ ስድብ ከሌለበት አያነሱትም። ይልቅ ለእያንዳንዱ በትሕትና መልስ ስጪ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው መልስሽን ያነባል። አሥራ አንዱንም በስም እየጠራሽ ይቅርታ ብትጠይቂ ግማሾቹ ኮከባቸውን ከፍ ያደርጉልሻል።

---

ሄለን_ቦርሳ

ጋሽ ማሞ አመሰግናለሁ፣ ግን አስተያየቱን ላጠፋ አይደለም የፈለግሁት። ከዚህ በኋላ የሚገዛው ሰው ያው ነገር እንዳይደርስበት መግለጫውን ላስተካክል ነው።

---

ጋሽ ማሞ

እሺ ልጄ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። እከታተላለሁ።

---

ወይንሸት

አቤል ግማሹን ልክ ነው፤ የገዢው አነጋገር ከአቅራቢው «ዘመናዊና ተስማሚ» እጅግ ይሻላል። ግን ገዢው የነገረሽ የደረሰበትን ነው። አንቺ ገጽሽ ላይ ስትጽፊው ዕቃው ሁልጊዜ እንዲህ ነው እያልሽ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። «ዝናብ ላይ ሄድኩ፣ ምንም አልሆነም» ያለው ሰው ከመኪና ወርዶ በር እስኪደርስ ይሆናል የዘነበበት። አንቺ «ውሃ የማያስገባ» ስትዪ አንዱ ላፕቶፑን ይዞ አንድ ሰዓት ዝናብ ላይ ይሄዳል፤ ያኔ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ እንጂ አሥራ አራቱ ሰዎች አይደሉም።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። የተደጋገመ ነገር ሁሉ ለእኔ ጥቆማ ነው፤ የት ቦታ ላይ ሜትር ይዤ መሄድ እንዳለብኝ ይነግረኛል። መግለጫው ውስጥ የሚገባው የለካሁት ነው። ስለዚህ 11 ለ 6 የሚለውን ቁጥር እርሺው። የገባለት ሰው ዝም ብሎ ይጠቀማል፣ ያልገባለት ይጽፋል። ከዚያ ተነስተሽ «ከሦስት ላፕቶፕ ሁለቱ አይገቡም» ማለት አትችዪም፣ «አብዛኞቹ ይገባሉ» ማለትም አትችዪም። ቁጥሩ የሚነግርሽ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ የሆኑ ላፕቶፖች እንዳሉ ብቻ ነው። መስመሩ የት ጋ ነው? እሱን ፈልጊ።

አሁን ወደ አሥራ አንዱ ተመለሺና ምን ዓይነት ላፕቶፕ እንዳላቸው የጻፉትን ለይተሽ አውጪልኝ። የገባላቸውንም እንደዚሁ።

---

ዳዊት_ጫማ

የእኔ ነገር ከዚህ ጋር ይገናኝ እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ልጻፈው። ጫማ ነው የምሸጠው። «ጠበበኝ» የሚል ስለበዛ መግለጫው ላይ «ከሚለብሱት አንድ ቁጥር ከፍ አድርገው ይዘዙ» ተብሎ ተጻፈ። ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚያ «ሰፋኝ» የሚል ይመጣ ጀመር። አሁን ገጹን የሚያይ ሰው ላይ «ጠባብ ነው»፣ ታች ላይ «ሰፊ ነው» ያነባል፣ እኔን ደግሞ በየቀኑ በኢንቦክስ ይጠይቀኛል። ሄለን፣ አስተያየት አምነሽ ከጻፍሽ እንዲህ ነው የሚሆነው።

---

ወይንሸት

ዳዊት፣ በጣም ይገናኛል። አስተያየቶቹ የተጻፉት በሁለት የተለያየ ሁኔታ ነው። የመጀመሪያዎቹ መመሪያ ሳያነቡ የገዙ ናቸው፤ የኋለኞቹ «አንድ ቁጥር ከፍ» የሚለውን አንብበው የታዘዙ ናቸው። አንድ ላይ ከቆጠርካቸው ትርጉም የለውም። መግለጫውን የቀየርክበትን ቀን መዝግብ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ የመጣውን ለየብቻ ቁጠር።

ሁለተኛው ነገር፣ «ጠበበኝ» ያሉት የት ጋ ነው የጠበባቸው? ጣት ጋ ከሆነ የርዝመት ነገር ነው፣ ቁጥር መጨመር ይረዳል። ጎን ለጎን ከሆነ ግን ቁጥር ሲጨመር ርዝመቱ ይተርፋል፣ ተረከዙ ይወልቃል፣ ሰውየው «ሰፋኝ» ይልሃል። ከቅሬታው ጀርባ የወርድ ጉዳይ ካለ የሚያስፈልግህ የውስጥ ሶሉ ርዝመትና በጣም ሰፊው ቦታ ላይ ያለው ወርድ በሴንቲ ሜትር ነው። ሰውየው ለራሱ ይወስናል።

---

ዳዊት_ጫማ

ተረከዝ ይወልቃል ያሉ አሉ እውነትም። ልለካው።

---

ሄለን_ቦርሳ

ወይንሸት፣ ያልሽውን አደረግሁ። ከአሥራ አንዱ አራቱ ምንም ዝርዝር አልጻፉም። ከሰባቱ አምስቱ የጌም ላፕቶፕ ነው ያላቸው፤ ከአምስቱ አራቱ 15.6 ኢንች እንደሆነ ጽፈዋል፣ አንዱ ኢንቹን አልጻፈም። ሁለቱ ደግሞ 17 ኢንች ናቸው፣ እነሱ መጀመሪያውኑ ሊገባላቸው አይችልም። ከገባላቸው ስድስቱ ሦስቱ የቢሮ ላፕቶፕ ብለዋል። የሚገርመው አንዷ 16 ኢንች ገባልኝ ትላለች!

---

ወይንሸት

አየሽ፣ ይህቺ አንዷ ከሌሎቹ ሁሉ ትጠቅማለች። 16 ኢንች ገብቶ 15.6 ካልገባ ኢንቹ መለኪያ አይደለም ማለት ነው።

15.6 ኢንች የስክሪኑ ርዝመት ነው፣ ከአንድ ማዕዘን ተነስቶ እስከ ተቃራኒው ማዕዘን፣ ወደ 39.6 ሴንቲ ሜትር። ስለ ላፕቶፑ አካል የሚለው ነገር የለም። የተለመደው የቢሮ ላፕቶፕ ሲዘጋ 36 በ24 አካባቢ ይሆናል። የጌም ላፕቶፕ ማቀዝቀዣው ከኋላ ስለሚወጣ ርዝመቱ ያው ሆኖ ወርዱ 26 ወይም 27 ይደርሳል፣ ውፍረቱም 2.5 አካባቢ ነው። ሁለቱም ማስታወቂያቸው ላይ 15.6 ነው የሚባሉት።

አሁን ኪሱን ለኪ። ላፕቶፑ በቁሙ ስለሚገባ ወሳኙ የኪሱ አግድም ነው። ባዶውን ዘርግተሽ ከስፌት እስከ ስፌት ያዢ። እዚህ ጋ ብዙ ሻጭ ይሳሳታል፦ 27 ሴ.ሜ ካገኘ «እስከ 27 ሴ.ሜ ወርድ ያለው ይገባል» ብሎ ይጽፋል። አይገባም። ጨርቁ በላፕቶፑ ወርድ ላይ ብቻ ሳይሆን በውፍረቱም ላይ ነው የሚዞረው። ስለዚህ የላፕቶፑ ወርድና ውፍረት ተደምሮ ነው ከኪሱ አግድም ማነስ ያለበት። በመጨረሻ በካርቶን ሞክሪው፤ አንዱን በተለመደው፣ አንዱን በጌሙ ልክ ቆርጠሽ አጣብቂና አስገቢ። ዚፑ ሳይጎተት የሚዘጋበትን ልክ ያዢ፣ በጉልበት የሚገባበትን አይደለም።

---

አቤል_ሴልስ

ካርቶን መቁረጥ? 😄 ቀላሉን ልንገርሽ፣ 15.6 የሚለውን ወደ 14 ቀንሺው፣ ማንም አያማርርም።

---

ወይንሸት

አቤል፣ ማንም አያማርርም፤ ግን የሚገባለት ሰው ሁሉ አይቶ ያልፋታል። ስድስቱ ሰዎች 14 ብትል ኖሮ አይገዙም ነበር። ልክነት ወደ ታች መቀነስ አይደለም።

---

ሰላም_አንባቢ

እኔ ሻጭ አይደለሁም፣ ገዢ ነኝ፣ ብዙ ቦርሳም መልሻለሁ። አንድ ነገር ልበል። «ወርድና ውፍረት ተደምሮ» የሚል ነገር ካነበብኩ ገጹን እዘጋለሁ። እኔ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ሒሳብ አልሠራም። «የአንተ ይገባል፣ የአንቺ አይገባም» የሚል ምሳሌ ግን ከሰጣችሁኝ አነባለሁ። ደግሞም ላፕቶፕ ላይ ወርድ የትኛው ነው? ስክሪኑ ሲከፈት የምናየው ረጅሙ ጎን አይደለም ወይ ወርድ?

---

ወይንሸት

ጥሩ ጥያቄ ነው ሰላም። ብዙ ሰው ረጅሙን ጎን ነው ወርድ የሚለው። እንግዲያው «ወርድ» የሚለው ቃል መግለጫው ላይ ባይገባ ይሻላል፤ «አጭሩ ጎን፣ ከማጠፊያው እስከ ፊት ጠርዝ» ይባል። ምሳሌውንም እስማማለሁ፣ ድምሩም ምሳሌውም ይግባ። መለካት የሚፈልግ ይለካል።

---

ሄለን_ቦርሳ

ለካሁት። ኪሱ ተዘርግቶ 27 ነው፣ ግን የስፌቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ስለታጠፈ ትንሽ ይበላል። 24 በ2 የሆነው ካርቶን በቀላሉ ይገባል። 24.8 በ1.7 የሆነውም ገባ፣ ያቺ 16 ኢንች ያላት ሴት የጻፈችው ልክ ይመስለኛል። 26 በ2.5 ግን አፉ ጋ ይቆማል። ምቾት ያለው ድምር 26.5 ነው። ጥልቀቱ ችግር የለውም፣ 38 ነው።

ስለ ዝናቡስ? እሱንም ሞከርኩ። ቦርሳው ውስጥ የእጅ መጥረጊያ ወረቀት ሞልቼ ሻወር ስር አሥር ደቂቃ አቆምኩት። ጨርቁ ላይ ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ወረደ፣ ከጀርባው ያለው ወረቀት ደረቅ ነው። የዋናው ዚፕ መስመር ስር ያለው ወረቀት ግን እርጥብ ሆኗል፣ የታችኛው ስፌት ጋም ትንሽ ነክቶታል።

---

ወይንሸት

ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ? ጨርቁን ያመሰገኑት እውነት ነው ያሉት፤ ጨርቁ ይከላከላል። የማይከላከለው ዚፑና ስፌቱ ነው። እንግዲህ አመስጋኞቹ እንዳሉት ጨርቁን ጥቀሺ፣ ቀጥሎ ወሰኑን ጻፊ። ዚፑ ባለ ሽፋን ካልሆነና ስፌቱ ከውስጥ ካልታሸገ «ውሃ የማያስገባ» የሚለው ቃል ለዚህ ቦርሳ አይሠራም። አቅራቢሽ አይፒ የሚባለው የውሃ መከላከል ደረጃ አለኝ ካለሽ ወረቀቱን ጠይቂው፤ IPX4 ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃን ነው የሚመለከተው፣ IPX7 አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ መግባትን ነው። ወረቀቱ ከሌለ ሁለቱንም አትጻፊ።

ስለ «ጠንካራ» ደግሞ፣ መቼ እንደጻፉት አየሽ?

---

ሄለን_ቦርሳ

ቀኑን ከትዕዛዙ ቀን ጋር አላነጻጸርኩም። ለምን?

---

ወይንሸት

አስተያየት የሚጠየቀው ዕቃው እንደደረሰ ነው፣ ስለዚህ አብዛኛው ሰው የሚጽፈው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ቦርሳ ተከፍቶ ሲታይ ጠንካራ ይመስላል። ከወራት በኋላ የጻፈ ሰው «አሁንም እንዳለ ነው» ካለ እሱ ሌላ ክብደት አለው። እንዲህ ያሉ ሦስት አራት ሰዎች ካገኘሽ እንኳን «ዘላቂ» ብለሽ አትጻፊ፤ የሚታየውን ጻፊ፦ ማንገቻው የተገናኘበት ቦታ ድርብ ስፌት አለው ወይ፣ ከታች ተጨማሪ ጨርቅ አለው ወይ። ገልብጠሽ እይው። ከሌለው «ጠንካራ» የሚለው ቃል ይውጣ።

ለማንገቻውም እንደዚሁ። 22 ሰው «አይጎዳም» ካለ ምክንያት አለው፤ ስፋቱንና የስፖንጁን ውፍረት ለኪ። በተረፈ ከአመስጋኞቹ መካከል «ግን» ያለ ሰው አለ ወይ? ሙገሳ ውስጥ «ግን» የሚለው ቃል በጣም ይጠቅማል፣ አምስት ኮከብ ሰጥቶ የሚናገረው ጉድለት ብዙ ጊዜ እውነት ነው።

---

ሄለን_ቦርሳ

አሉ! ሁለት ሰዎች «በጣም ምቹ ነው ግን እኔ ረጅም ስለሆንኩ ማንገቻው እስከ መጨረሻ ተለቅቆም አጠረኝ» ብለዋል። ከ22ቱ ውስጥ ቆጥሬያቸው ነበር። ማንገቻው ስፋቱ 7 ሴ.ሜ፣ ስፖንጁ 1.5 አካባቢ ነው። ሙሉ ሲለቀቅ 82 ሴ.ሜ ይደርሳል።

---

ትዕግሥት_ዲ

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ፣ ዚፑን ማንም አላነሳውም። ስድስት ሰው ነው። «ዚፑን በቀስታ ይጎትቱ» ብላ ብትጽፍ አይበቃም? እኔ የልብስ ገጽ አለኝ፣ እንዲህ ጽፌ ቅሬታው ቀንሶልኛል።

---

ወይንሸት

ትዕግሥት፣ ልብሱ ስስ ጨርቅ ሆኖ ጨርቁ ዚፑ ውስጥ የሚገባ ከሆነ እስማማለሁ፣ ያ የአያያዝ ነገር ነው። እዚህ ግን መጀመሪያ ስድስቱ መቼ እንደገዙ ይታይ። ሄለን፣ ተበታትነው ነው ወይስ በአንድ ሰሞን?

---

ሄለን_ቦርሳ

ስድስቱም ከመጨረሻው ጭነት በኋላ ነው የገዙት። ከዚያ በፊት ስለ ዚፕ አንድም የለም። አምስቱ ግራጫውን ነው የገዙት፤ ስድስተኛው ቀለሙን አልጻፈም።

---

ወይንሸት

እንግዲህ ይህ መግለጫ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም። ከዚህ ጭነት ግራጫዎቹን ከመላክሽ በፊት ዚፑን እየከፈትሽ እየዘጋሽ እይ፣ ለአቅራቢውም ንገሪው። «በቀስታ ይጎትቱ» ብለሽ ከጻፍሽ የተበላሸ ዚፕ የደረሰው ሰው ጥፋቱ የእኔ ነው እንዴ ብሎ ነው የሚናደደው። ጥቁሩን የሚገዛውም ስለሌለ ችግር እያነበበ ይሄዳል። ገጹ ለሁለቱም ቀለም አንድ ስለሆነ አስተያየቶቹም ተቀላቅለዋል፤ ከመቁጠርሽ በፊት በቀለም መለየት ነበረብሽ ለማለት ነው።

ዘግይቶ ደረሰ ያሉት ዘጠኙም እንዲሁ ከመግለጫው ውጪ ናቸው።

---

አቤል_ሴልስ

እሺ ይህን ተቀበልኩ፣ ዚፑ የጥራት ነው። ግን አንድ ነገር ልከራከር። ሰው ሲፈልግ «15.6 ላፕቶፕ ቦርሳ» ብሎ ነው የሚጽፈው። ርዕሱ ላይ 15.6 ከጠፋ ማንም አያገኛትም። በ«26.5 ድምር» የሚፈልግ ሰው በዓለም ላይ የለም።

---

ወይንሸት

እዚህ ላይ ልክ ነህ። ርዕሱ ላይ 15.6 ይቆይ፣ ምክንያቱም ለተለመደው 15.6 እውነት ነው። ግን ልኩን የሚናገረው መስመር ከመግለጫው መጀመሪያ ላይ መሆን አለበት፤ ብዙ ሰው በስልክ ስለሚያይ ከታች ያለውን ሳይከፍት ነው የሚገዛው። ሰላም ምን ትያለሽ፣ ርዕሱ ላይ 15.6 አይተሽ ቀጥሎ «ሁሉም አይገባም» የሚል ብታገኚ ተታለልኩ ትያለሽ?

---

ሰላም_አንባቢ

እውነቱን ለመናገር ትንሽ። እኔ ርዕሱ ላይ ራሱ «ለቀጭን 15.6» ብትሉ ደስ ይለኛል። የጌም ላፕቶፕ ያለው ሰው ገብቶ ከማንበቡ በፊት ይለያል።

---

አቤል_ሴልስ

«ለቀጭን» ካልሽ የቢሮ ላፕቶፕ ያለውም የእኔ ቀጭን አይደለም ብሎ ያልፋል። 2 ሴንቲ ሜትር ቀጭን ነው ወይስ ወፍራም? ማንም አያውቅም።

---

ወይንሸት

ይህኛው በጽሑፍ ክርክር አያልቅም። ሄለን፣ የአንዱን ርዕስ ለተወሰነ ጊዜ አስቀምጪ፣ ከዚያ ሌላውን። የምታዪው ኮከቡን አይደለም፤ ተመላሽ ሲደረግ ሰው የሚመርጠውን ምክንያት እይ። «አልገባም» ብለው የመለሱት ከትዕዛዙ ጋር ሲነጻጸር ከቀነሰና ሽያጩ ካልወደቀ ያ ርዕስ ይሻላል።

---

ሄለን_ቦርሳ

ረቂቄ ይኸውላችሁ። ቁረጡት፦

> ላፕቶፕ፦ አጭሩ ጎን (ከማጠፊያው እስከ ፊት ጠርዝ) እና ውፍረቱ ተደምረው ከ26.5 ሴ.ሜ የማይበልጡ ላፕቶፖች ይገባሉ። ምሳሌ፦ 24 ሴ.ሜ ጎንና 2 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው ይገባል፤ 26 ሴ.ሜ ጎንና 2.5 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው አይገባም። አብዛኞቹ የጌም ላፕቶፖች 15.6 ኢንች ቢባሉም አይገቡም።
>
> ዝናብ፦ ጨርቁ ቀላል ዝናብ ያንከባልላል። በዚፑና በታችኛው ስፌት በኩል ግን ውሃ ሊገባ ስለሚችል ለከባድ ወይም ለረጅም ዝናብ ከላይ የሚለበስ መሸፈኛ ያስፈልጋል።
>
> ማንገቻ፦ 7 ሴ.ሜ ስፋት ያለው፣ 1.5 ሴ.ሜ ስፖንጅ የተሞላ። ገዢዎች ትከሻ አይጎዳም ይላሉ። ሙሉ ሲለቀቅ 82 ሴ.ሜ ነው፤ በጣም ረጅም ለሆነ ሰው ሊያጥር ይችላል።
>
> ሽታ፦ ሲከፈት ሽታ ሊኖረው ይችላል፣ በሁለት ቀን ይጠፋል።

---

ወይንሸት

የላፕቶፑ መስመር ላይ «አብዛኞቹ የጌም ላፕቶፖች» የሚለውን ከየት አመጣሽው? አምስት ሰው ነው ያለሽ። «አንዳንድ ሰፋ ያሉ ላፕቶፖች፣ ለምሳሌ የጌም፣ 15.6 ቢባሉም አይገቡም» በይ። ልኩ ከላይ ስላለ ይበቃል።

«ገዢዎች ትከሻ አይጎዳም ይላሉ» የሚለው ይቆይ፣ እውነት ነው፣ ብለዋል። ግን ሰው ጀርባ ሕመሜን አዳነኝ ዓይነት ነገር የጻፈ ካለ እሱን በማንም ስም አታስገቢ፤ የሌላ ሰው ቃል ቢሆንም ገጽሽ ላይ ከወጣ ቃል ኪዳኑ የአንቺ ነው።

ስለ ሽታው፣ ሁለት ቀን ማን አለ?

---

ሄለን_ቦርሳ

ከአምስቱ አንዱ ሁለት ቀን ብሏል። አንዱ ሳምንት። አንዷ «አየር ላይ ሳወጣው ጠፋ» ብቻ። ሌሎቹ ሁለቱ ጠፋ ወይም አልጠፋ አላሉም።

---

ትዕግሥት_ዲ

ከአምስቱ የተነሳ ሽታን መጻፍ ራሱ ተገቢ ነው? 113ቱ ምንም አላሉም እኮ። ራስሽ ላይ ችግር እየፈጠርሽ ይመስለኛል። እኔ ብሆን እተወዋለሁ።

---

ሰላም_አንባቢ

እኔ ሽታ የሚያስቸግረኝ ሰው ነኝ፣ ቢጻፍልኝ ደስ ይለኛል። ሳይጻፍ ሸቶ ከደረሰኝ ግን እመልሰዋለሁ።

---

ወይንሸት

እኔ እጽፈዋለሁ፣ ግን ያለ ቀን። «አዲስ ሲከፈት ሽታ ያስተዋሉ ገዢዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ አየር ላይ ሲያወጡት እንደጠፋ ነግረውናል»። ይህ ከእጅሽ ላይ ካለው አይበልጥም። የትዕግሥትንም ሐሳብ አልጥልም፤ ሽታው ከአንድ ጭነት ብቻ ከሆነ እንደ ዚፑ ነው፣ መስመሩ አያስፈልግም። ቀኑን አይተሻል?

---

ሄለን_ቦርሳ

የአምስቱ ተበታትኗል፣ ከሦስት የተለያዩ ጭነቶች ነው።

---

ትዕግሥት_ዲ

እንግዲያው ይጻፍ። ግን መጨረሻ ላይ፣ ላፕቶፑ ሥር አይደለም።

---

ጋሽ ማሞ

ልጄ፣ «ቀላል ዝናብ» የምትዪው ምን ያህል ነው? አንዱ ቀላል የሚለው ለሌላው ከባድ ነው። አሥር ደቂቃ ሻወር ሥር አቁሜ ሞከርኩት፣ ዚፑ ጋ ረጠበ ብትዪስ? ሰውየው ይገባዋል።

---

ወይንሸት

ጋሽ ማሞ ጥሩ አሉ። «ሻወር ሥር 10 ደቂቃ ሞክረነው ጀርባው ደረቅ ነበር፣ ዚፑ ሥር ረጥቧል» የሚለው ከ«ቀላል ዝናብ» ይሻላል። ግን አንድ ቦርሳ ነው የተሞከረው፤ ሄለን፣ ግራጫውንም ሞክሪና ሁለቱ ተመሳሳይ ከሆኑ ጻፊው።

---

ሄለን_ቦርሳ

ግራጫውን ነገ እሞክራለሁ፣ ዚፑም ስለሚያጠራጥር አብሬ አየዋለሁ። «ውሃ የማያስገባ» የሚለውን ዛሬውኑ አወጣሁት። የርዕሱን ነገር ገና አልወሰንኩም፤ መጀመሪያ «15.6»ን እንዳለ ትቼ መስመሩን ከላይ አደርጋለሁ፣ ተመላሹን አይቼ እመለሳለሁ።

---

ዳዊት_ጫማ

ሶሉን ለካሁት። ርዝመቱ ከቁጥሩ ጋር ይሄዳል፣ ወርዱ ነው ጠባቡ። «አንድ ቁጥር ከፍ» የሚለውን አውጥቼ የየቁጥሩን ርዝመትና ወርድ ልጻፍ ነው። ወይንሸት፣ ሰው የእግሩን ወርድ እንዴት እንደሚለካ አብሬ ልጻፍ ወይስ በሥዕል ላድርገው?

---

ወይንሸት

በሥዕል። ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ፦ ቆሞ ይለካ፣ ተቀምጦ አይደለም፤ እግር ክብደት ሲያርፍበት ይሰፋል።